425 ሲባል 7፣ 350 ሲባል 4

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህት ለንደን ላለችው ታናሿ የዱባ ፓይ አሠራር በስልክ ላከችላት እንበል። ፓይ ማለት ከስንዴ ዱቄትና ከቅቤ የተለወሰ ስስ ሊጥ መጋገሪያ ዕቃ ላይ ተነጥፎ፣ ሙሌት ተጨምሮበት ኦቨን ውስጥ የሚበስል ነው። የዱባው ሙሌት ተቀቅሎ የላመ ዱባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ይገባበታል። አሜሪካኖች በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ለሚያከብሩት የምስጋና ቀን የሚያዘጋጁት ነው። የታላቅየው መልእክት አጭር ነው፦ «መጀመሪያ 425 ላይ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ 350 ዝቅ አድርገሽ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ተይው።» ታናሽየው የጋዝ ኦቨኗን ማዞሪያ ስታይ ግን 425 የለም፤ 350ም የለም። ያለው ከ1 ጀምሮ 9 ላይ የሚያበቃ ቁጥር ነው።

ታላቅየው የላከችው በፋራናይት ነው። አሜሪካ ውስጥ የኦቨን ሙቀት የሚነገረው በዚሁ መለኪያ በመሆኑ፣ የመለኪያውን ስም ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ መላክ እዚያ ለሚኖር ሰው የተለመደ ነው። ለንደን ባለው ማዞሪያ ላይ ያለው ደግሞ እንግሊዞች ጋዝ ማርክ የሚሉት ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሦስተኛዋ እህት ኦቨን ብዙዎቻችን የምናውቀውን ሴልሺየስ፣ ወይም በሌላ ስሙ ሴንቲግሬድ ያሳያል። አንዱ የምግብ አሠራር ለሦስቱም ኦቨኖች እንዲሠራ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ እንይ።

ለምን ሁለት የሙቀት ደረጃ እንዳስፈለገ ማወቅ ቁጥሩን በጥንቃቄ እንድንይዝ ያደርገናል። የፓዩ ሊጥ ውስጥ ያለው ቅቤ ቀልጦ ሳይፈስ ዱቄቱ ቶሎ እንዲጠነክር ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። እሳቱ ከላላ ፈሳሹ ሙሌት ከላይ እየሰረገ ሊጡን ያርሰዋል፤ ሲቆረጥም የታችኛው ክፍል ነጭና ለጥ ያለ ሆኖ ይገኛል። ሙሌቱ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። የሚያረጋው እንቁላሉ ነው፤ ሙሌቱ ውስጡ ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይረጋል። ከዚያ በጣም ካለፈ እንቁላሉ ይኮማተርና ውኃውን ይተፋል፤ ላዩም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ለሊጡ፣ ቀሪው ጊዜ ለሙሌቱ ነው። በመቀየሩ ላይ የሚፈጠር ስህተት ከሁለቱ በአንዱ ላይ ይታያል።

ከለንደኗ እንጀምር፤ ከሁሉም ቀላሉ እዚያ ነውና። የጋዝ ማርክ ቁጥር የመጣው በ1923 ራዲዬሽን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሬጉሎ የሚባል ቴርሞስታት በጋዝ ምድጃዎቹ ላይ ሲገጥም ነው። ከዚያ በፊት ጋጋሪዎች የኦቨኑን ሙቀት እጃቸውን አስገብተው ወይም ወረቀት ላይ ዱቄት በትነው ስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጠቁር አይተው ይገምቱ ነበር። የዘመኑ የምግብ መጻሕፍትም «ለስለስ ያለ»፣ «መካከለኛ»፣ «ኃይለኛ» ኦቨን ከማለት አያልፉም። ቴርሞስታቱ ኦቨኑ ሲሞቅ ጋዙን በራሱ ይቀንሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ለሴት ወይዘሮዎቹ የሚቀርበው ቁጥርም በዲግሪ ሳይሆን በቀላል ተራ ቁጥር ሆነ። አንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መጻሕፍት ላይ «ሬጉሎ 4» የሚል ካጋጠመ ጋዝ ማርክ 4 ማለት ነው።

ያን ጊዜ እንግሊዞችም ሙቀትን የሚለኩት በፋራናይት ነበር። ስለዚህ ጋዝ ማርክ ሌላ መለኪያ ቢመስልም በውስጡ ያለው ፋራናይት ነው። ማርክ 1 ማለት 275 ፋራናይት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር 25 ፋራናይት ይጨምራል። ማርክ 2 ሦስት መቶ ነው፣ ማርክ 3 ሦስት መቶ ሃያ አምስት፣ ማርክ 4 ሦስት መቶ ሃምሳ፤ እንዲህ እያለ ማርክ 9 ላይ 475 ይደርሳል። ሰንጠረዥ መፈለግ አያስፈልግም። ከፋራናይቱ ላይ 250 መቀነስና ለ25 ማካፈል ይበቃል።

425 − 250 = 175፤ 175 ÷ 25 = 7

350 − 250 = 100፤ 100 ÷ 25 = 4

ስለዚህ የለንደኗ እህት ማዞሪያውን መጀመሪያ 7 ላይ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 4 ላይ ታደርጋለች። አብዛኞቹ የአሜሪካ የመጋገር አሠራሮች በ25 እየዘለሉ ስለሚጻፉ ስሌቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሙሉ ቁጥር ይሰጣል። አልፎ አልፎ 360 የሚል ካጋጠማት 4 ላይ አድርጋ ጥቂት ደቂቃ ብትጨምር በቂ ነው። ስሌቱ የሚያበላሸው ታች ላይ ብቻ ነው። 250 ፋራናይት በስሌቱ ዜሮ ይሆናል፣ 225 ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማዞሪያው ላይ ግን 250 «½»፣ 225 «¼» ተብለው ተጽፈዋል። እነዚህ ሥጋ ለረጅም ሰዓት ለሚያበስልና እንቁላል ነጩን መትቶ ለሚያደርቅ ሰው ካልሆነ እምብዛም አያስፈልጉም።

ወደ ሴልሺየስ መቀየር ትንሽ ሒሳብ ይፈልጋል። ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት መለኪያውን በ1724 ሲያሳትም፣ አንደርስ ሴልሺየስ የራሱን ያቀረበው በ1742 ነው። ዛሬ በምንጠቀምበት መልኩ በፋራናይት ውኃ በረዶ የሚሆነው 32 ላይ፣ የሚፈላው 212 ላይ ነው፤ በሴልሺየስ ደግሞ ዜሮና 100 ላይ። እንግዲህ በሁለቱ መሐል ያለው ያው አንድ ርቀት በፋራናይት 180 እርከን፣ በሴልሺየስ 100 እርከን አለው። መነሻቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ ስንቀይር መጀመሪያ የመነሻውን 32 እንቀንሳለን፤ ቀጥሎ እርከኑን ለማመጣጠን በ5 አባዝተን ለ9 እናካፍላለን።

(425 − 32) × 5 ÷ 9 = 218

(350 − 32) × 5 ÷ 9 = 177

እጇ ሊጥ የነካ ሰው በ5 እያባዛች ለ9 ማካፈል ካስቸገራት አቋራጭ አለ። 32 ቀንሳ የቀረውን ለሁለት ትክፈለው፤ ከዚያ የተገኘውን አንድ አሥረኛ ትጨምርበት። ከ350 ላይ 32 ሲነሣ 318 ይቀራል፣ ግማሹ 159 ነው፣ በላዩ 16 ሲጨመር 175። ከትክክለኛው በሁለት ዲግሪ ብቻ ያንሳል።

የታተሙ መጻሕፍት ላይ ግን 177 የሚል አይገኝም፤ 180 ነው የሚጻፈው። 218ም 220 ይሆናል። የኦቨን ማዞሪያ አሥር አሥር እየዘለለ ስለሚጻፍ ወደ ቅርቡ ክብ ቁጥር ያጠጋጉታል። ለዚህም ነው 325 ፋራናይት በአንዱ መጽሐፍ 160 በሌላው 170 ሆኖ የሚገኘው፤ ትክክለኛው 163 ነው። አንባቢ ሁለቱን አይታ የትኛው ተሳሳተ ብላ መጨነቅ የለባትም። ሦስትና አራት ዲግሪ ልዩነት በዳቦም በኬክም ላይ አይታወቅም፤ ኦቨኑ ራሱ ቴርሞስታቱ ሲከፍትና ሲዘጋ ከዚያ የበለጠ ይዋዥቃል። ለአዲስ አበባዋ እህት ስለዚህ 220፣ ከዚያ 180 ነው።

ኦቨኗ በውስጡ ማራገቢያ ካለው አንድ ነገር ይጨመራል። ማራገቢያው ትኩሱን አየር ስለሚያዘዋውር ምግቡ በተመሳሳይ ዲግሪ ቶሎ ይበስላል። እንግሊዞች ለዚህ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳሉ፤ በመጽሐፎቻቸው ላይ 180፣ በማራገቢያ 160፣ ጋዝ 4 ተብሎ ሦስቱ ጎን ለጎን የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፓዩ ማራገቢያ ባለው ኦቨን 200፣ ከዚያ 160 ይሆናል። ማራገቢያውን የሚያጠፋ ምርጫ ካለው ግን ለዚህ ፓይ ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ የሚነፍሰው አየር የሙሌቱን ላይ ፈጥኖ ስለሚያደርቀው ነው።

አሜሪካኖች ስለ ማራገቢያ ሲጽፉ «25 ቀንሺ» ይላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 25 ፋራናይት ስንት ሴልሺየስ ነው ብሎ ስልኩን ቢጠይቅ ስልኩ «ከዜሮ በታች 4» ይለዋል። ስልኩ አልተሳሳተም፤ 25 ፋራናይት የሆነ ቀን የአየሩ ሙቀት ቢሆን በረዶ ነው። እኛ የጠየቅነው ግን የሙቀት ልኩን አይደለም፣ ልዩነቱን ነው። በዘመን አቆጣጠራችን ማየት ይቻላል። የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ስንመልስ ሰባት ወይም ስምንት እንቀንሳለን፤ «ከሦስት ዓመት በኋላ» ሲባል ግን ማንም ከሦስቱ ላይ ሰባት አይቀንስም። በፋራናይትም እንዲሁ ነው፤ 32 የሚቀነሰው የሙቀቱ ልክ ሲቀየር እንጂ ጭማሪ ወይም ቅናሽ ሲቀየር አይደለም። ለልዩነት በ5 አባዝቶ ለ9 ማካፈል ብቻ ይበቃል። 25 ፋራናይት ልዩነት 14 ሴልሺየስ ያህል ነው፤ በጋዝ ማርክ ደግሞ አንድ ቁጥር።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይበልጥ ዝም ብሎ ያልፋል። አሜሪካዊ አሠራር ይዞ 350 ሴልሺየስ የሚፈልግ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ የቤት ኦቨን ብዙ ጊዜ 250 አካባቢ ስለሚያበቃ ማዞሪያው አይሄድለትም። በተገላቢጦሹ ግን የሚያስቆም ነገር የለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከአውሮፓ «180» የሚል ተልኮላት የሜሪላንዷ እህት የራሷን ኦቨን 180 ፋራናይት ላይ ብታደርገው ኦቨኑ ይቀበላታል። 180 ፋራናይት 82 ሴልሺየስ ነው። ምግብ ሞቅ አድርጎ ለማቆየት እንጂ ለመጋገር አይሆንም። ኬኩ ከአንድ ሰዓት በኋላም ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ኃይሉን ጨርሷል፣ የሚያድነውም የለም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ አሠራር የሚልክ ሰው ከቁጥሩ ጎን የመለኪያውን ስም ይጻፍ። ስም ሳይኖረው የመጣ ቁጥር ከሆነ፣ ከ275 በላይ ያለ ሁሉ ለመጋገር ፋራናይት ነው ማለት ይቻላል፤ ከ140 እስከ 240 መካከል ሆኖ ኬክ ወይም ዳቦ ከሆነ ሴልሺየስ ነው።

ስለ ማዞሪያው ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1 ጀምሮ የተቆጠረ ሁሉ ጋዝ ማርክ አይደለም። ጋዝ ማርክ የእንግሊዝና የአየርላንድ ነው። የፈረንሳይ መጻሕፍት ቴርሞስታት 6 ሲሉ 180 ሴልሺየስ ማለታቸው ነው፤ ቁጥሩን በ30 ማባዛት ይበቃል። በእንግሊዙ 6 ግን ሙቀቱ 200 ነው። ከሌላ አገር የመጡ የጋዝ ኦቨኖችም የየራሳቸው ተራ ቁጥር አላቸው፣ ትርጉሙም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እንዲህ ያለ ማዞሪያ ያለው ሰው ከኦቨኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ማየት አለበት። መመሪያው ከጠፋ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝቶ እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ዲግሪ እንደሚሰጥ አንድ ጊዜ ለክቶ መጻፍ ነው።

እንዲያውም ማዞሪያው በዲግሪ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ መለካቱ ጥሩ ነው። የቤት ኦቨን ካሳየው ቁጥር 10 ወይም 20 ዲግሪ ሲርቅ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ አንድን አሠራር በትክክል ቀይሮ ይህን መተው ልፋቱን ያባክነዋል። ቴርሞሜትሩ መሐል ላይ ባለው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ኦቨኑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ በየተወሰነ ደቂቃ ሦስት አራት ጊዜ ይነበብ፣ አማካዩም ይወሰድ። መሐል ላይ የምንለው በምክንያት ነው። በእንግሊዝ የጋዝ ኦቨን ማርኩ የሚያመለክተው የመሐሉን መደርደሪያ ሙቀት ነው፤ ላይኛው ትንሽ ይበልጣል፣ ታችኛው ትንሽ ያንሳል። እሳቱ ከወለሉ ሥር በሆነ የጋዝ ኦቨን ደግሞ ታችኛው ክፍል ይግላል። ለፓዩ ሊጥ ይህ ጥሩ ነው፣ ለኬክ ግን ታቹን ያሳርረዋል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በስኳር መሞከር ይችላል። ተራ ነጭ ስኳር የሚቀልጠው 186 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኦቨኑ በደንብ ከሞቀ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጎ 180 ላይ 15 ደቂቃ ማቆየት፤ ከቀለጠ ኦቨኑ ካሳየው በላይ ይሞቃል። ካልቀለጠ ወደ 190 ከፍ አድርጎ እንደገና ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ አሁንም እንደ አሸዋ ከቆየ ኦቨኑ ካሳየው በታች ነው። በጋዝ ማርክ ሙከራው በ4 እና በ5 መካከል ይሆናል።

ሁሉም ተሰልቶ ኦቨኑም ተመርምሮ ሲያበቃ ፍርዱ የፓዩ ነው። የተጻፈው 40 ደቂቃ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መጋገሪያውን ነቅነቅ ማድረግ፤ ዳሩ ረግቶ መሐሉ ብቻ በትንሹ ከተንቀጠቀጠ ደርሷል፤ ከወጣ በኋላም በያዘው ሙቀት መርጋቱን ይቀጥላል። ወደ መሐሉ ጠጋ ብሎ የተወጋ ቢላዋ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት። ላዩ ሳይረጋ ዳሩ ከጠቆረ የሁለተኛው ሙቀት አልወረደም ማለት ነው፤ ማዞሪያው ቢወርድም ኦቨኑ ከ220 ወደ 180 እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይወስዳልና በሩን ለጥቂት ሰከንድ ከፍቶ መዝጋት ይረዳል። ሙሌቱ ረግቶ የታችኛው ሊጥ ነጭ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሲጀምር ኦቨኑ ገና አልሞቀም ነበር።

የአዲስ አበባዋ እህት ከሌሎቹ የተለየ ጉዳይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ፓዩን ብዙ አያስቸግረውም፤ እንቁላሉ የሚረጋበት 80 ዲግሪ ከዚያ በታች ነውና። የሚቸገረው ኬክ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በቤኪንግ ፓውደሩ የተነሣው ጋዝ በጣም ይሰፋል፣ ሊጡም ሳይጠነክር ከፍ ብሎ መሐሉ ይሰምጣል። መድኃኒቱ ቶሎ እንዲጠነክር ኦቨኑን ከፍ ማድረግ ነው። የአሜሪካ ጋጋሪዎች ለከፍታ ቦታ ከ15 እስከ 25 ፋራናይት ይጨምራሉ። ጭማሪ ነውና 32 አይነካውም፤ በሴልሺየስ ከ8 እስከ 14 ይሆናል። ከሜሪላንድ 350 ተብሎ የመጣ ኬክ እንግዲህ 177 ላይ ይህን ጨምሮ አዲስ አበባ ውስጥ 185 ወይም 190 ላይ ይጋገራል፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ከታዘዘው ይቀነሳል፣ ፈሳሹም ትንሽ ይጨመራል፤ ከ30 ደቂቃው 5 ደቂቃ ቀደም ብሎም ይታያል። ማራገቢያ ካለው ከ190ው 20 ተቀንሶ 170 ነው።